ትንሽ ብሎግ የትኛውን ፍለጋ ማሸነፍ ይችላል? ገጽ አንድን እያነበቡ ቁልፍ ቃል መምረጥ

አንድ ሰው ስለ ብስክሌት ጥገና ብሎግ ከፈተ እንበል። ሁለት ወር ሆኖታል፤ ዘጠኝ ጽሑፍ አለው። የመጀመሪያው ርዕስ «የብስክሌት ጥገና» ነው። ሁለተኛው «የብስክሌት ሰንሰለት»፣ ሦስተኛው «ጥሩ ብስክሌት እንዴት ይመረጣል»። ጽሑፎቹ መጥፎ አይደሉም። እንዲያውም ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ፣ እጁ ከግሪስ ተለይቶ የማያውቅ ነው። ግን ከጉግል የሚመጣ አንባቢ የለም። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ እሱም ራሱ ባለቤቱ ነው፣ ከሌላ ስልክ ገብቶ።

ችግሩ ከአጻጻፉ አይደለም፤ የቆመበት ሰልፍ ነው። «የብስክሌት ሰንሰለት» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከፊት የሚሰለፉት አምራቾች፣ ትልልቅ የመለዋወጫ መሸጫዎች፣ ዊኪፒዲያና ዓመታት ያስቆጠሩ የብስክሌት መጽሔቶች ናቸው። እነዚህ ገጾች ላይ ከሌሎች ብዙ ድረ ገጾች ሊንክ ተደርጎባቸዋል፣ ስማቸውም በርዕሱ ይታወቃል። የሁለት ወር ብሎግ ከእነሱ የተሻለ ቢጽፍ እንኳ ጉግል ይህን የሚያውቅበት ምልክት ገና የለውም። ስለዚህ ጽሑፉ ገጽ ስድስት ወይም ሰባት ላይ ይቀመጣል። እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ደግሞ የለም።

ይሄው ሰው ግን ዛሬ ሌላ ጽሑፍ ቢጽፍ፣ ርዕሱም «አዲስ ሰንሰለት ቀይሬ ፔዳሉን ስጫን ለምን ይዘላል?» ቢሆን፣ ነገሩ ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ ነው እዚህ የማወራው።

ጭራው የቃላት ብዛት አይደለም

«ሎንግ ቴይል»፣ ማለትም ረጅም ጭራ፣ ሲባል ብዙ ሰው ብዙ ቃላት ያሉት ሐረግ ይመስለዋል። ስሙ የመጣው ግን ከግራፍ ነው። በአንድ ርዕስ ዙሪያ ሰዎች የሚፈልጓቸውን ሐረጎች በሙሉ፣ በብዛት ከሚፈለገው ጀምራችሁ ከስንት አንዴ እስከሚፈለገው ድረስ ደርድሯቸው። በግራ በኩል ጥቂት ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ። ከዚያ መስመሩ በአንዴ ይወርድና መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ማለቂያ ያለውም አይመስልም። ያ የሚሳበው ክፍል ነው ጭራ የተባለው። አንዱን ሐረግ ለብቻው ብትወስዱት በወር አምስት ወይም ሃያ ጊዜ ቢፈለግ ነው። ግን እንዲህ ዓይነቱ ሐረግ ስፍር ቁጥር የለውም። ጉግል ራሱ በየቀኑ ከሚደርሱት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ጭራሽ አይቷቸው የማያውቃቸው እንደሆኑ ተናግሯል።

እንግዲህ ጭራ ማለት ጥቂት ሰው የሚፈልገው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሐረጉ ረጅም ይሆናል፣ ምክንያቱም ሰው ችግሩን ዘርዝሮ ሲጽፍ ቃላት ይበዛሉ። ግን የግድ አይደለም። የአንድ ያረጀ የማርሽ ሞዴል ቁጥር አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ጭራ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው «ብስክሌት መንዳት በቀላሉ እንዴት መማር ይቻላል» ስድስት ቃል አለው፤ ሆኖም ሁሉም የሚሻማበት ሐረግ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስት ነገር አለ። እኔ የውሸት ጭራ እለዋለሁ። «የብስክሌት ሰንሰለት አቀያየር» የሚለው ሐረግ ከባድ ሆኖ ታገኙትና «ብስክሌት ላይ ሰንሰለት በቤት ውስጥ እንዴት መቀየር እንደሚቻል» ወደሚለው ትዞራላችሁ። ሐረግ በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ የሚገምተው መሣሪያ ለዚህኛው አነስተኛ ቁጥር ያሳያችኋል፣ እናንተም ጭራ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ልብሱ ነው የተቀየረው። ጉግል ደግሞ ይህን ከተረዳ ቆይቷል። ሁለቱን ብትፈልጉ የሚመጡት ያው ትልልቆቹ ናቸው፣ ምናልባት ቦታ ተቀያይረው። እውነተኛው ጭራ የራሱ ችግር ያለው፣ የራሱን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ሰንሰለት መቀየር አንድ ጉዳይ ነው። ቀይሮ መዝለሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠያቂው የሚጽፈው ምልክቱን ነው

ሐረግ የት ይገኛል? ብዙዎች ቀጥታ ወደ መሣሪያ ይሮጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሰዎች ሲጠይቁ መስማት ነው የምመርጠው፣ እሱም በምክንያት ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ችግሩን በምክንያቱ ነው የሚጠራው። ባለብሎጋችን ይሄ ሰንሰለት ለምን እንደሚዘል ገና ሳያየው ያውቃል፤ የኋላው ጥርስ ተበልቷል። ስለዚህ ጽሑፉን «የተበላ ጥርስ ምልክቶች» ብሎ ይሰይመዋል። ችግሩ የገጠመው ሰው ግን ጥርስ መበላቱን አያውቅም። ቢያውቅማ ባልፈለገ ነበር። እሱ የሚያውቀው ትናንት ሰንሰለት እንደቀየረ፣ ዛሬ ዳገት ላይ ፔዳሉን ሲረግጥ ቋ ብሎ እንደዘለለበት ነው። የሚጽፈውም እሱኑ ነው። «ሰንሰለት ቀየርኩ አሁን ይዘላል»። ወይም «አዲስ ካቴና ያመልጣል»። «ሳይክሌ ዳገት ላይ ሲጫን ይንሸራተታል» የሚልም አይጠፋም።

እዩት፤ ሦስቱም ውስጥ «ጥርስ» የሚል ቃል የለም። «የተበላ ጥርስ» ብሎ የጻፈ ሰው እነዚህን ሦስት ሰዎች ሊያጣቸው ይችላል። መልሱ በእጁ ሆኖ ማለት ነው።

ቃሉም ይለያያል። አንዱ ብስክሌት ይላል፣ ሌላው ሳይክል። አንዱ ሰንሰለት፣ ሌላው ካቴና። አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ያመልጣል። ጉግል ተመሳሳይ ቃላትን ማዛመድ ይችላል፤ ብዙ ጽሑፍ ባለው ቋንቋ ላይ ግን ከሌላው የተሻለ ይችላል። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ሁለቱንም ቃላት ጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ብትጠቀሙ አትጎዱም። የፊደል ነገርም አለ፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ሰው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። ሁሉንም አጻጻፍ ለማስገባት ብላችሁ ግን ጽሑፉን አታበላሹት፤ ብዙ ሰው የሚጽፍበትን መርጣችሁ ቀጥሉ።

ጠያቂዎቹ የሚገኙት የብስክሌት ፎረሞች፣ የቴሌግራም ግሩፖችና የዩቲዩብ ቪዲዮ አስተያየቶች ውስጥ ነው። አስተያየቶቹ በተለይ ወርቅ ናቸው። ስለ ሰንሰለት አቀያየር የተሠራ ቪዲዮ ሥር ወረድ ስትሉ «አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ እንደዚህ አድርጌ አሁን...» ብለው የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። ከ«አሁን» በኋላ ያለው ነው ጭራው። ሳታርሙት፣ እሱ እንደጻፈው ገልብጡት።

ቀጥሎ የጉግል መፈለጊያ ሣጥን። ሐረጉን ጀምሩና እንተር ሳትሉ የሚመጡትን ጥቆማዎች አንብቡ። «አዲስ ሰንሰለት» ብላችሁ ቦታ ተዉና ፊደል በፊደል ሞክሩ፤ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ቀ... አሰልቺ ነው፣ ግን አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጥቆማዎቹ ሰዎች በእርግጥ ከሚጽፉት የሚመጡ ስለሆኑ መሣሪያው «ዜሮ» የሚለውን ሐረግ እዚህ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገጹ ላይ ያለው «ሰዎች ይህንንም ይጠይቃሉ» የሚለው ሣጥንም እንዲሁ ነው። አንዱን ጥያቄ ስትከፍቱት ከሥሩ ሌሎች ይጨመራሉ። ሆኖም ሦስት አራቱን ከከፈታችሁ በኋላ ከርዕሱ እየራቀ ስለሚሄድ እዚያ ላይ ማቆም ነው።

ቁጥሩን ምን ያህል እንመነው?

መሣሪያዎቹ ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። አንዱ በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ ነው፤ ሌላው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ።

የመጀመሪያው ግምት ነው፤ ለጭራ ሲሆን ደግሞ በጣም ሻካራ ግምት። የጉግል የራሱ ኪይወርድ ፕላነር ማስታወቂያ ለማይከፍል አካውንት ትክክለኛውን ቁጥር አያሳይም። «ከ10 እስከ 100»፣ «ከ100 እስከ 1,000» ብሎ ሰፊ ክልል ነው የሚሰጠው። ለጭራ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰጥም። ዜሮ ማለት ማንም አይፈልገውም ማለት ሳይሆን መሣሪያው በቂ መረጃ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። አስተያየት ላይ አራት ሰው በተለያየ ጊዜ ሲጠይቀው ካያችሁ፣ ከመሣሪያው ዜሮ ይልቅ አራቱን ሰዎች እመኑ።

እዚያው ፕላነር ላይ «ውድድር» የሚል ዓምድ አለ፤ ብዙ ጀማሪ እሱን አይቶ ይወስናል። ዓምዱ የሚለካው የማስታወቂያ ሻሚዎችን ፉክክር ነው፤ ከእናንተ ጽሑፍ ጋር አይገናኝም። «ዝቅተኛ» የተባለ ሐረግ ላይ ማንም ማስታወቂያ ባያወጣበትም ገጽ አንዱን ግዙፎች ሞልተውት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቁጥር፣ ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው የክብደት ነጥብ፣ የሌሎች ኩባንያዎች ስሌት ነው። ብዙዎቹ በዋናነት የሚያዩት ገጽ አንድ ላይ ያሉት ገጾች ስንት ሊንክ እንደተደረገባቸው ነው። አንዱ መሣሪያ 8 ያለውን ሌላው 30 ሊለው ይችላል። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ የማያውቀው ነገር እነዚያ ገጾች ጥያቄውን በትክክል መመለስ አለመመለሳቸውን ነው። ለትንሽ ብሎግ ደግሞ ቀዳዳው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ነጥቡን መቶ ሐረግ ወደ ሃያ ለማውረድ ተጠቀሙበት። ሃያውን ግን በዓይናችሁ እዩት።

ገጽ አንድን ማንበብ

አሳሹን በኢንኮግኒቶ ክፈቱ፤ የቀድሞ ታሪካችሁ ውጤቱን እንዳይነካው። ያም ሆኖ ያላችሁበት አካባቢና ቋንቋ ተጽዕኖ ያደርጋል። አንባቢያችሁ ሌላ አገር ከሆነ ይህን አስታውሱ።

መጀመሪያ ከባዱን እንየው፤ «የብስክሌት ሰንሰለት አቀያየር»። እንዲህ ያለ ገጽ ይመጣል እንበል። ከላይ የቪዲዮ ሣጥን። ከሥሩ የአምራች መመሪያ። ከዚያ ሁለት መጽሔቶች፣ ሁለቱም ርዕሳቸው ላይ ሐረጉን እንዳለ ይዘዋል፣ ፎቶውም ደረጃ በደረጃ ነው። ከዚያ የመሸጫ ድረ ገጾች መመሪያ። ከፈታችሁ ብታነቡ ሁሉም ይመልሳሉ፣ በደንብም ይመልሳሉ። እዚህ የሚጨመር ነገር የለም። ሰው በእጁ የሚሠራውን ሲማር ቪዲዮ ይመርጣል፤ የቪዲዮው ሣጥን ከላይ መቀመጡም እሱን ነው የሚነግራችሁ። ዝጉት።

አሁን «አዲስ ሰንሰለት ቀይሬ ይዘላል»። አንደኛው ውጤት ትልቅ መጽሔት ነው። ልባችሁ ሊወርድ ይችላል፤ ግን ክፈቱት። ጽሑፉ ስለ ሰንሰለት አቀያየር በአጠቃላይ ነው፤ መዝለል የሚለው ነገር መጨረሻ አካባቢ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነካክቶ ታልፏል። ሁለተኛው ፎረም ነው፣ አሥራ አንድ ምላሽ አለው፣ ሦስቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ጠያቂውም ችግሩ ተፈታለት አልተፈታለት ሳይናገር ጠፍቷል። ሦስተኛው ሰንሰለት ይሸጣል። አራተኛው ስለ ማርሽ ማስተካከል ነው፤ የተለየ ችግር። አምስተኛው አንድ ትንሽ ብሎግ ነው፣ መልሱ ትክክል ነው፣ ግን በአንድ አንቀጽ ተጨርሷል።

ይሄ ገጽ ምን እያለ ነው? ጉግል ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ገጽ አላገኘም፤ ያለውን አቅራቢያ ነገር ሰብስቦ ነው ያቀረበው። ትልቁ መጽሔት አንደኛ የወጣው በስሙ ክብደት ነው፣ በመልሱ አይደለም። አምስተኛው ላይ ያለው ትንሽ ብሎግ ደግሞ ትልቁ ማስረጃችሁ ነው። እንደ እናንተ ያለ እዚህ መድረስ ከቻለ በሩ አልተዘጋም።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፤ ሕግ አይደለም። ከአሥሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ ጥያቄውን በቀጥታ የማይመልሱ ከሆኑ፣ ከእነዚያም መካከል ወይም ጎን አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ካየሁ፣ እጽፋለሁ። አሥሩም ርዕሳቸው ጥያቄውን እንዳለ ይዞ ከሆነ፣ ሁሉም ትንንሽ ቢሆኑ እንኳ ሁለቴ አስባለሁ።

ስለ ፎረም አንድ ማስጠንቀቂያ። ድሮ ገጽ አንድ ላይ ፎረም ማየት የድክመት ምልክት ነበር፤ «የተሻለ ነገር ስላልተገኘ ነው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ጉግል የተራ ሰው ልምድ ያለባቸውን ውይይቶች ሆን ብሎ ወደ ላይ ማምጣት ጀምሯል። ስለዚህ ፎረም መኖሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ክፈቱና አንብቡ። አንድ ሰው ቁልጭ ያለ መልስ ሰጥቶ ሌሎች «አዎ፣ ሠራልኝ» ካሉት፣ ያ ጠንካራ ተፎካካሪ ነው። ከላይ እንዳየነው ተጣልተው ከተበተኑ ግን ቦታው ክፍት ነው።

ደግሞ ሌላ ወጥመድ። አንዳንድ ጥያቄ ቀላል የሚመስለው መልሱ አንድ መስመር ስለሆነ ነው። «የብስክሌት ጎማ ስንት አየር ይያዝ» ብላችሁ ስትፈልጉ ጉግል ከላይ ቁጥሩን ራሱ ሊያሳያችሁ ይችላል። አንደኛ ብትወጡም ሰው ቁጥሩን አንብቦ ይሄዳል፣ እናንተ ጋ አይመጣም። «ለምን ይዘላል» ግን በአንድ መስመር አያልቅም፤ ሰውየው የራሱን ብስክሌት እያየ መለየት አለበት። ምርመራ የሚፈልግ ጥያቄ ሰው ያስገባል።

አንድ ጽሑፍ ነው ወይስ ሁለት?

አሁን ዝርዝራችሁ ላይ ሃያ የሚሆን ሐረግ አለ። ጀማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ጽሑፍ ይጽፋል። ከዚያ ሦስቱ ጽሑፎች በአንድ ጥያቄ ላይ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ጉግል ዛሬ አንዱን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ያወጣል፤ አንዳቸውም አይረጉም።

መለያው ቀላል ነው። ሁለቱን ሐረጎች በሁለት ታብ ፈልጉና ጎን ለጎን እዩአቸው። «አዲስ ሰንሰለት ቀይሬ ይዘላል» እና «አዲስ ካቴና ስጫነው ያመልጣል» ከአሥሩ ስድስት ሰባቱን ገጾች የሚጋሩ ከሆነ፣ ለጉግል አንድ ጥያቄ ናቸው። አንድ ጽሑፍ ይበቃል፤ ሁለቱም አባባል እዚያው ውስጥ ይግባ። «ማርሽ ስቀይር ሰንሰለቱ ይወድቃል» የሚለውን ብትፈልጉ ግን ሌላ ዓይነት ገጾች ይመጣሉ፤ ሥራውም ሌላ ነው፣ የማርሽ መቀየሪያውን መገደቢያ ብሎን ማስተካከል ነው። ያ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ሊንክ ይደረጉ፤ የመጣው ሰው የእሱ ችግር ሌላኛው ሊሆን ይችላልና።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አልቆይም። ርዕሱ የሰውየውን ምልክት ይያዝ። መልሱ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጀምር። ትልቁ መጽሔት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፈውን እናንተ ዘርዝሩት። ለምሳሌ፦ መዝለሉ የሚያዘወትሩት ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነና ጠንከር አድርገው ሲረግጡ ከሆነ፣ ጥርሱ ከአሮጌው ሰንሰለት ጋር አብሮ ተበልቷል፤ አዲሱ አልገጥም ብሎታል። በሁሉም ማርሽ ላይ፣ በእኩል ርቀት፣ ተክ እያለ ከዘለለ ግን ከሰንሰለቱ አንዱ ማያያዣ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ በማሽከርከር የቱ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ያለማቋረጥ እየተንኳኳ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ መውጣት የሚፈልግ ከመሰለ ደግሞ የማርሹ ሽቦ ነው። እዚህ ጋ የሠራ ሰውና ያነበበ ሰው ይለያያሉ። አንባቢም ይለየዋል።

ከጻፉ በኋላ

ጽሑፉ ወጣ። አሁን የሚያስፈልገው ሰርች ኮንሶል ነው፤ ነጻ ነው፣ የጉግል የራሱ ነው፣ ከሌላ መሣሪያ ግምት በተለየ የእናንተን እውነተኛ ፍለጋዎች ያሳያል። የ16 ወር መረጃ ይይዛል፤ ስለዚህ ብሎጉ በተከፈተ ቀን ብታገናኙት ነው የሚበጀው። አንድ ነገር እወቁ፦ በጣም ጥቂት ሰው የጻፋቸውን ሐረጎች ለግላዊነት ሲል ይደብቃል። ጭራ ላይ የሚሠራ ሰው ዝርዝሩን ደምሮ ከጠቅላላው ክሊክ ጋር አልገጥም ሲለው ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ያንን አንድ ጽሑፍ ለይታችሁ ክፈቱት። ምንም ኢምፕሬሽን ከሌለ፣ ማለትም አንድም ሰው ፊት ካልታየ፣ ስለ ቁልፍ ቃል ከመጨነቃችሁ በፊት ጉግል ገጹን መዝግቦት እንደሆነ አረጋግጡ። ኮንሶሉ ላይ የገጹን አድራሻ አስገብቶ መመርመር ይቻላል። ለፈጣን እይታ ደግሞ ጉግል ላይ እንዲህ መጻፍ ነው፤ አድራሻውን በራሳችሁ ተኩት።

```
site:example.com ሰንሰለት
```

ካልተመዘገበ ከቀሩት ጽሑፎቻችሁ ወደ እሱ ሊንክ አለ ወይ የሚለውን ተመልከቱ። ብቻውን የተንጠለጠለ ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ኢምፕሬሽን ኖሮ አማካይ ደረጃው 40 ወይም 50 አካባቢ ከሆነ፣ ጉግል ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ ገብቶታል፣ ግን ቦታ አልሰጠውም። ገጽ አንዱን ተመልሳችሁ አንብቡ፤ ምናልባት መጀመሪያ ሲነበብ ቸኩላችሁ ነበር። ከ8 እስከ 15 መካከል ከሆነ ግን ይሄ ቆንጆ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ያልተመለሰ ንዑስ ጥያቄ፣ ወይም ርዕሱ ጠያቂው በሚጽፈው ቃል አለመሆኑ።

አማካይ ደረጃን ደግሞ በጭፍን አትመኑት። «ደረጃ 4» የሚል አይታችሁ ስትደሰቱ ኢምፕሬሽኑ 3 ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ታየ፤ አንዱ ምናልባት እናንተ ናችሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ሁልጊዜ አብራችሁ አንብቡ።

ጭራ በአንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው አያመጣም። ይሄን ተቀብሎ መግባት ይሻላል። አንድ ጽሑፍ በወር አሥራ አምስት ሰው ካመጣ ሠርቷል። ሃያ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲኖር ነው ቁጥሩ ቁጥር የሚመስለው። የሚመጡትም ችግራቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፤ አንብበው ይጨርሳሉ፣ አንዳንዴም ይጠይቃሉ።

ኮንሶሉ ላይ እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። የዚያን የሰንሰለት ጽሑፍ የፍለጋ ዝርዝር ወደ ታች ስትወርዱ ያልጻፋችሁበት ሐረግ ታገኛላችሁ። «ጥርስ ብቻ ቀይሬ አሮጌ ሰንሰለት መጠቀም ይቻላል»። ዘጠኝ ኢምፕሬሽን፣ ደረጃ 31፣ ዜሮ ክሊክ። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነካ አድርጋችሁት ነው ጉግል ያቀረባችሁ። ዘጠኝ ጊዜ ተጠይቋል፤ እናንተ ግን በቅጡ አልመለሳችሁም። ኢንኮግኒቶ ክፈቱና ያንኑ ሐረግ ጻፉት፤ አንደኛው ውጤት ሰንሰለት የሚሸጥ ገጽ ከሆነ፣ ቀጣዩን ርዕስ አገኛችሁ ማለት ነው።